የሁለት፣ የሦስትና የአራት ምት የእጅ አመራር፦ ሥልጠና ላላገኘ አዲስ የመዘምራን መሪ

በባሕር ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራንም ሆነ በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ውስጥ፣ መሪ ሆኖ የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ድምፁ ያማረ ወይም መዝሙሮቹን ከሌላው አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህ ሰው መዝሙር ማስጠናት ይችላል፤ ፊት ለፊት ቆሞ እጁን ሲያነሳ ግን እጁ ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ያጨበጭባል፣ ወይም ሁለት እጁን ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዛል፣ ወይም ራሱ ጮክ ብሎ እየዘመረ ሌሎቹን ይጎትታል። መዘምራኑም ከእጁ ይልቅ ድምፁን ይከተላሉ፤ የሰሙትን ተከትለው ስለሚገቡም ሁልጊዜ በጥቂቱ ይዘገያሉ። እዚህ የሚቀርበው መመሪያ የሦስቱን መሠረታዊ የምት ሥዕሎች፣ ማለትም የሁለትን፣ የሦስትንና የአራትን አመታት ያስረዳል። ይበልጥ የሚቆየው ግን አዳዲስ መሪዎች በሚቸገሩባቸው ሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ አንደኛው መዝሙሩ በስንት እንደሚመታ መለየት ሲሆን ሁለተኛው መዘምራኑን በአንድ ትንፋሽ ማስጀመር ነው።

አስቀድሞ አንድ ወሰን ላስቀምጥ። እነዚህ ሥዕሎች የሚያገለግሉት እኩል እየተመላለሰ የሚሄድ ምት ላላቸው መዝሙሮች ነው። በማኅሌት የሚቆመው የያሬድ ዜማ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚመራበት የራሱ ሥርዓት ስላለው በዚህ የእጅ አመራር አይለካም፤ መለካትም የለበትም።

መዝሙሩ በስንት ነው የሚመታው?

ኖታ ያለው መዝሙር ከሆነ መልሱ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ሁለት ቁጥሮች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ተጽፈዋል። ከላይ ያለው 2፣ 3 ወይም 4 ከሆነ በዚያው ቁጥር ይመታል። ሆኖም በእኛ ዘንድ አብዛኛው መዝሙር ከአፍ ወደ አፍ ስለሚተላለፍ መሪው በጆሮው መለየት ይኖርበታል። ለዚህ የሚሆን ቀላል መፈተኛ አለ፦ መዝሙሩን እየዘመሩ በእያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ ይራመዱ፤ የሚጠነክረው ምት በየትኛው እግር ላይ እንደሚያርፍም ልብ ይበሉ። ጠንካራው ምት ዘወትር በአንድ እግር ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ በግራ፣ የሚያርፍ ከሆነ መዝሙሩ በሁለት ወይም በአራት ነው። አንድ ጊዜ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ፣ እንደገና በግራ እያለ የሚፈራረቅ ከሆነ ደግሞ በሦስት ነው፤ ምክንያቱም ሦስት እርምጃ ከተራመዱ በኋላ አዲሱ ዙር የሚጀምረው በሌላው እግር ነው።

ይህ መፈተኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ብዙዎች በሚሳሳቱበት ቦታ ነው። ብዙ የአማርኛ መዝሙሮች የችክችካ አካሄድ አላቸው፤ በኖታ ሲጻፉ ከላይ 6፣ ከታች 8 ይደረግባቸዋል። በጆሮ ሲሰሙ «አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት» የሚሉ ስለሚመስሉ አዲሱ መሪ የሦስትን ሥዕል ይዞ ይነሳል። ክንዱም እንደ ነፋስ መሽከርከር ይጀምራል፤ ከአንድ አንቀጽ በኋላ ይደክመዋል፤ መዘምራኑም ከዚያ ሁሉ ምት የትኛውን እንደሚይዙ አያውቁም። እዚህ ላይ ሦስቱ ፈጣን ድምፆች የአንድ ምት ክፍልፋዮች ናቸው፤ እውነተኛዎቹ ምቶች ሁለት ናቸው። የከበሮውን ሰፊ ፊት ድምፅ ያዳምጡ፤ ሰውነትዎ ከጎን ወደ ጎን የሚወዛወዘውም ከዚያ ወፍራም ድምፅ ጋር ነው። በዚያ ውዝዋዜ ይራመዱ። ጠንካራው ምት በአንድ እግር ላይ ከጸና መዝሙሩን በሁለት ይምሩት፤ በእያንዳንዱ የእጅ ምት ውስጥ ሦስቱን ክፍልፋዮች በልብዎ ብቻ ይቁጠሩ። መዝሙሩ እጅግ ዝግ ያለ ከሆነና ሁለቱ ምቶች ተራርቀው መዘምራኑ መሐል ላይ የሚዋልሉ ከሆነ ስድስት ምት ያለው ሌላ ሥዕል ያስፈልጋል፤ ለጀማሪ ግን የሚመከረው እንዲህ ያለውን መዝሙር ለጊዜው ማቆየት ነው።

በሁለትና በአራት መካከል መለየት ካቃተዎት ብዙ አይጨነቁ። ዝግ ያለውን በአራት፣ ፈጠን ያለውን በሁለት ቢመሩት መዘምራኑ አይሳሳቱም።

አቋም፣ የእጅ ከፍታና የምት መስመር

እግሮችዎን በትከሻዎ ስፋት ለይተው ይቁሙ። ክንድዎን ከጎንዎ ጥቂት አራርቀው ወደ ፊት ይዘርጉ፤ መዳፍዎ ወደ መሬት ይመልከት፤ ጣቶችዎ ሳይጨበጡም ሳይበተኑም ይሰብሰቡ። ከእምብርትዎ ከፍ ብሎ፣ ከደረትዎ ዝቅ ብሎ በፊትዎ አንድ ጠፍጣፋ የማይታይ መስመር እንዳለ ያስቡ። በዚህ ጽሑፍ የምት መስመር የምለው ይህን ነው። እያንዳንዱ ምት፣ አንደኛውም ሆነ የመጨረሻው፣ የሚያርፈው በዚህ መስመር ላይ ነው። በኋላ ረድፍ የቆሙት መዘምራን እጅዎን የማያዩ ከሆነ መስመሩን እስከ ደረትዎ ድረስ ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ግን ትከሻዎ ይገተራል። የግጥም ወረቀት የሚያስቀምጡበት ማቆሚያ ካለ ከመስመሩ በታች ይሁን፤ አለበለዚያ ዋናው ነገር፣ ማለትም ምቱ የሚያርፍበት ቦታ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ይደበቃል።

እጅ መስመሩን የሚነካበት መንገድ ከበሮ እንደ መምታት ነው። ጥሩ ከበሮ መቺ እጁን ቆዳው ላይ አያስቀምጥም፤ ነክቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ድምፁ ጥርት የሚለውም በመመለሱ ነው። የእርስዎም እጅ ወደ መስመሩ ሲወርድ እየፈጠነ ይወርዳል፣ ይነካል፣ ወዲያውም ይነሳል። መዘምራኑ ምቱ የት እንደሆነ የሚያውቁት እጅ አቅጣጫውን ከለወጠበት ነጥብ ነው። ለስላሳ ክብ እየሠራ የሚዞር እጅ ይህ ነጥብ የለውም፤ ስለዚህ ለዓይን ቢያምርም አይመራም። ከነካ በኋላ የሚነሳው ደግሞ ከወረደበት ከፍታ ከሲሶ እንዳይበልጥ ያድርጉ። ወደ ላይ ጫፍ ድረስ መነሳት የሚገባው የመጨረሻው ምት ብቻ ነው፤ ሁሉም ምቶች እኩል ወደ ላይ ከተነሱ መዘምራኑ አንደኛውን ከሌሎቹ መለየት አይችሉም።

ግራ እጅዎን ለመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ከሆድዎ አጠገብ አሳርፈው ይተዉት። ቀኝ እጅ የሚያደርገውን ግራው እንደ መስታወት እየደገመ ቢከተል አንድም አዲስ ነገር አይናገርም።

ሦስቱ ሥዕሎች በጠመኔ

ሥዕሎቹን በአየር ላይ ከመሞከር ይልቅ በወገብዎ ከፍታ ባለ ጠረጴዛ ፊት ቆመው መጀመር ይሻላል። ጠረጴዛው የምት መስመርዎ ይሆናል። በጠመኔ ነጥቦች ያድርጉበት፤ በየምቱም በጣትዎ ጫፍ ነጥቦቹን ይንኩ።

ለሁለት ምት፣ በፊትዎ መሐል አንድ ነጥብ ያድርጉና ከእርሱ በስተቀኝ በአራት ጣት ያህል ርቀት ሁለተኛውን ያድርጉ። እጅዎን እስከ አገጭዎ አንስተው ወደ አንደኛው ነጥብ በቀጥታ ያውርዱ፤ ነክተው ወደ ቀኝ ዝቅ ብለው ይፈናጠሩ፤ ተመልሰው ሁለተኛውን ነጥብ ይንኩና ወደ መጀመሪያው ከፍታ ይውጡ። ከአንደኛው ምት በኋላ እጅዎ በቀጥታ ወደ ላይ ከተመለሰ ሁለቱ ምቶች አንድ ይሆናሉ፤ በሁለት ምት ላይ የሚታየው ዋና ጉድለት ይኸው ነው።

ለሦስት ምት፣ የመጀመሪያው ነጥብ መሐል ላይ ይሆናል። ሁለተኛው ከእርሱ በስተቀኝ አንድ ስንዝር ይርቃል። ሦስተኛው ወደ መሐል ተመልሶ ከአንደኛው ነጥብ በስተቀኝ ሁለት ጣት ያህል ላይ ይሆናል። አካሄዱ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ውጭ፣ ከዚያም ወደ ውስጥና ወደ ላይ ነው።

ለአራት ምት፣ አንደኛው መሐል፣ ሁለተኛው በስተግራ አንድ ስንዝር፣ ሦስተኛው ከመሐሉ በስተቀኝ አንድ ስንዝር፣ አራተኛው እንደገና መሐል አጠገብ ይሆናል። ስለዚህ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚደረገው ጉዞ ሁለት ስንዝር፣ የሥዕሉም ሰፊው እንቅስቃሴ ነው። እጅ ረጅም መንገድ ሲሄድ መዘግየት ስለሚወድ ሦስተኛው ምት ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ እዚያ ላይ እጅዎን ጥቂት ያፍጥኑት። በአራት ምት ሁለተኛው ወደ ግራ መሄዱን አይርሱ። ወደ ቀኝ ከሄዱ መዘምራኑ የሚያዩት የሦስትን ሥዕል ነው፤ በቀጣዩ ምት ወደ ላይ ይወጣል ብለው ሲጠብቁም እጅዎ ሌላ ነገር ያደርግባቸዋል።

ሲለማመዱ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ ምቱ የሚያርፈው ግን በቃሉ መጀመሪያ ላይ ይሁን። «ሁለት» ሲሉ ጣትዎ ጠረጴዛውን መንካት ያለበት በ«ሁ» ላይ ነው፤ «አራት» ሲሉ በ«አ» ላይ ነው። ብዙ ሰው «ለት» እና «ራት» ላይ ይመታል፤ በዚህም ሁለተኛውና አራተኛው ምት ዘግይተው አንደኛውና ሦስተኛው ብቻ በሰዓታቸው ይመጣሉ። የግድግዳ ሰዓት የሰከንድ ቆጣሪ በደቂቃ 60 ምት ይሰጥዎታል፤ በዚያ ይጀምሩ። ስልክ ላይ የሚጫን፣ ምቱን እኩል እየቆጠረ የሚያሰማ ሜትሮኖም ካለዎት ቀጥሎ ወደ 72፣ ከዚያም ወደ 92 ከፍ ያድርጉት። በዝግታ መምታት ከፍጥነት ይልቅ እንደሚከብድ ያስተውላሉ፤ እጁ በምቶቹ መካከል የሚሠራውን ስለሚያጣ ቶሎ ቶሎ መውረድ ይፈልጋል።

ጠረጴዛው አንድ ሌላ ጥቅም አለው። ጀማሪዎች የመጨረሻው ምት «ወደ ላይ» ስለሚባል ምቱ እጁ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚመታ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ የመጨረሻውም ምት ጠረጴዛውን ይነካል፤ ወደ ላይ መውጣቱ ከተነካ በኋላ የሚመጣ ነው። ይህን ስሕተት ይዞ የሚመራ ሰው መዘምራን በየዙሩ መጨረሻ ይከፋፈላሉ፦ እኩሌቶቹ ከመስመሩ፣ እኩሌቶቹ ከጫፉ ይዘምራሉ። ጠረጴዛውን ከፊትዎ አንስተው በአየር ላይ ሲመቱ ጣትዎ አሁንም ያንኑ ከፍታ እየነካ እንደሆነ በመስኮት መስታወት ፊት ቆመው ያረጋግጡ። ማታ ውጭው ሲጨልም መብራት ያለበት ክፍል መስኮት ከመስታወት አይተናነስም።

የማስጀመሪያው ምት

መዘምራን አብረው መጀመር የሚችሉት አብረው ከተነፈሱ ነው። አብረው እንዲተነፍሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት አንድ ሙሉ ምት በእጅዎ ማሳየት አለብዎት። ይህ ማስጀመሪያ ምት ሦስት ነገር ይናገራል። ርዝመቱ የመዝሙሩን ፍጥነት ይነግራል፤ ስፋቱ ድምፁ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ መሆኑን ይነግራል፤ አነካኩ ደግሞ መዝሙሩ ጥርት ያለ ወይም ለስላሳ መሆኑን ይነግራል። ሦስቱም ከዚያ በኋላ ከሚመጣው መዝሙር ጋር መስማማት አለባቸው። በደቂቃ 72 ምት ለሚሄድ መዝሙር ማስጀመሪያው ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። እጁን በድንገት አንስቶ የሚጥል መሪ መዘምራኑን የሚያስነሳው በመዝሙሩ ፍጥነት ሳይሆን በራሱ ድንጋጤ ፍጥነት ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ሮጦ ሁለተኛው የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ደንቡ አጭር ነው፦ መዝሙሩ ከሚጀምርበት ምት በፊት ያለው ምት ማስጀመሪያ ነው። በአንደኛው ምት የሚጀምር የአራት ምት መዝሙር ማስጀመሪያው አራተኛው ምት ነው። እጅዎን መሐል አጠገብ መስመሩ ላይ ጸጥ አድርገው ያቆያሉ፤ የሁሉም ዓይን ወደ እርስዎ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ መስመሩን ነክተው ወደ ላይ ሲወጡ ራስዎም በአፍዎ ይተነፍሳሉ፤ ሲወርዱ ይዘምራሉ። ትንፋሽዎ የሚታይ ይሁን። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብሎ ጮክ ብሎ መቁጠር ለልምምድ ይጠቅም ይሆናል፤ በአገልግሎት ላይ ግን ምእመናኑ የሚሰሙት የመዝሙሩ የመጀመሪያ ቃል ሊሆን አይገባም።

አንድ መስመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አሁን በሦስት ምት የሚሄድ፣ ግን በሦስተኛው ምት የሚጀምር አንድ መስመር እንውሰድ። ለልምምድ ብቻ የተዘጋጀ ግጥም ነው፦ «በጣና ዳር ቆመን ዘመርን»። ፍጥነቱ በደቂቃ 72 ምት ይሁን። አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ «በ» በሦስተኛው ምት ላይ ብቻዋን ትቀድማለች። ቀጥሎ «ጣ» አንደኛውንና ሁለተኛውን ምት ይይዛል፣ «ና» ሦስተኛውን። «ዳር» አንድና ሁለት፣ «ቆ» ሦስት። «መን» አንድና ሁለት፣ «ዘ» ሦስት። በመጨረሻም «መርን» በአንደኛው ምት ላይ ያርፋል።

ይህ መስመር የሚጀምረው በሦስተኛው ምት ስለሆነ ማስጀመሪያው ሁለተኛው ምት ነው። ሁለተኛው ምት ደግሞ ወደ ቀኝ የሚሄድ ነው። ስለዚህ እጅዎን መሐል መስመሩ ላይ ያሳርፉ፤ ወደ ቀኝ ወስደው የሁለተኛውን ነጥብ ይንኩ፤ መዘምራኑ እዚያ ይተነፍሳሉ። ወደ ውስጥ ተመልሰው ሦስተኛውን ሲነኩ «በ» ይባላል፤ ወደ ላይ ወጥተው ሲወርዱ «ጣ» ይመጣል። ከለመዱት የአንደኛ ምት አጀማመር ተነስተው እጅዎን ወደ ላይ በማንሳት ቢያስጀምሩ ግን መዘምራኑ የሚያዩት ወደ አንደኛው ምት የሚወርድ እጅ ነው፤ «በ» በአንደኛው ምት ላይ ትወድቃለች፤ ቀላሏ ፊደል ትከብዳለች፤ «ጣ» ደግሞ ደካማ ምት ላይ ይቀራል። ይህ እንደ ሆነ የሚታወቀው መዘምራኑ «በ»ን ረግጠው ሲሏት ነው።

የመስመሩ መጨረሻ ከመጀመሪያው ይበልጣል። መዝሙሩ ተደግሞ የሚዘመር ከሆነ ቀጣዩ «በ» በሦስተኛው ምት ላይ ይመጣል። «መርን» ሁለት ሙሉ ምት ከተያዘ ለትንፋሽ የቀረ ጊዜ የለም፤ መዘምራኑም እያንዳንዱ በራሱ ቦታ ይሰርቃል፤ አንዱ «መርን»ን ያሳጥራል፣ ሌላው «በ»ን ይዘላታል። ስለዚህ መሪው ይወስን፦ «መ» የሚዘመረው በአንደኛው ምት ላይ ብቻ ነው፤ «ርን» ሁለተኛው ምት ሲነካ በአንድነት ይዘጋል፤ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ምት ያለው ጊዜ የትንፋሽ ነው። በዚህ አሠራር ሁለተኛው ምት ሁለት ሥራ በአንድ እንቅስቃሴ ይሠራል፤ ያለፈውን መስመር ይዘጋል፣ የሚመጣውንም ያስጀምራል። ጥርት ብሎ መነካት ያለበትም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የአማርኛ መዝሙር ለመሪ የሚያመጣው አንድ ጉዳይ አለ። ቃሎቻችን አብዛኛውን ጊዜ በ«ን»፣ በ«ም»፣ በ«ት» ወይም በ«ር» ይዘጋሉ። መዘምራን ረጅም ድምፅ ሲይዙ ግማሾቹ ቶሎ ወደ መዝጊያው ፊደል ይሄዱና አፋቸውን ይዘጋሉ፤ «ቆመን» ሲባል አዳራሹ «ንንን» በሚል ጉርምርምታ ይሞላል። «መን» ላይ «መ»ን ሙሉ ሁለቱን ምት እንዲይዙና «ን»ን ከሦስተኛው ምት በፊት እንደ ነገሩ ብቻ እንዲነኩ ያስጠኗቸው። መስመሩን በዝማሬ ሳይሆን በንባብ፣ እጅዎን እያዩ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያስነብቡ ይህ በፍጥነት ይስተካከላል።

የመዝሙሩ የመጨረሻ ቃል ሲሆንና ከዚያ በኋላ የሚቀጥል ነገር ከሌለ አዘጋጉ ጥቂት ይለያል። በመጨረሻው ድምፅ ላይ ምት መምታቱን ያቁሙና እጅዎን መስመሩ ላይ ጥቂት ዘርግተው ያቆዩት፤ መዘምራኑ ድምፁን ይዘው ይቆያሉ። ለመዝጋት ሲፈልጉ እጅዎን በፍጥነቱ ልክ ጥቂት አንስተው ትንሽ ዙር ሠርተው መስመሩን ይንኩ፤ «ርን» የሚባለው ሲነካ ነው። ከመንካቱ በፊት ያለው ያ ትንሽ ማንሳት ከሌለ መዘምራኑ መቼ እንደሚዘጉ ሊያውቁ አይችሉም። ግራ እጅዎ ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ቢሆን መልካም ነው፤ መዝጊያውን በሁለት እጅ ማሳየት ለኋለኛው ረድፍ ይጎላል።

ሲበላሽ ምን ይታያል?

ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው መዝሙሩ እያደር መዘግየቱ ነው። አንቀጹ ሲጀመር በሜትሮኖም 80 ከነበረ፣ ሲያልቅ መልሰው ቢለኩት ወደ 70 ወርዶ ሊያገኙት ይችላሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መሪው የሰማውን ድምፅ እየጠበቀ መምታቱ ነው፤ መዘምራኑ እጁን ይጠብቃሉ፣ እጁ እነርሱን ይጠብቃል፣ ሁለቱም ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። ይህን ሲያዩ አብዛኞቹ መሪዎች ክንዳቸውን ያሰፋሉ፤ ሰፊ ክንድ ግን ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ይበልጥ ይዘገያል። መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው፦ ሥዕሉን ያሳንሱ፤ ከክርን በታች ባለው እጅ ብቻ ይምቱ፤ አነካኩን ጥርት ያድርጉት። እጅ ሲያንስ ዓይን ይፈልገዋል።

ሁለተኛው፣ መሪው በእግሩ መሬት መምታቱ ወይም በእርሳስ ጠረጴዛ ማንኳኳቱ ነው። የሚሰማ ምት መዘምራኑን ከማየት ያሰናብታቸዋል። በአውሮፓም የእጅ ሥዕል ከመለመዱ በፊት ወፍራም ዘንግ ይዞ መሬት እየመቱ መምራት ነበረ፤ ዣን ባቲስት ሉሊ የተባለው የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ በዚያው ዘንግ የራሱን እግር መትቶ ቁስሉ አመርቅዞ በ1687 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሞቷል። በእርሳስ ማንም አይሞትም፤ መዝሙሩ ግን ይጎዳል።

ሦስተኛው ሁሉንም ቃል ከመዘምራኑ ጋር እየዘመሩ መምራት ነው። የሚዘምር መሪ የራሱን ድምፅ እንጂ የአልቶውን፣ ማለትም የዝቅተኛውን የሴቶች ድምፅ፣ መንሸራተት አይሰማም። ከንፈርዎን በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ አንቀሳቅሰው ቃሉን ካሳዩ ይበቃል።

እነዚህን ጉድለቶች በራስ ላይ ማየት ስለሚያስቸግር በልምምድ ጊዜ ስልክዎን ከኋላው ረድፍ አጠገብ አስቀምጠው ራስዎን ይቅረጹ። ከዚያ ድምፁን አጥፍተው ለመዘምራኑ አባል ላልሆነ ሰው ያሳዩና አንደኛው ምት በመጣ ቁጥር እንዲያጨበጭብ ይጠይቁት። ሳይቸገር ካጨበጨበ ሥዕልዎ ይነበባል። እያመነታ ካጨበጨበ ወይም በየምቱ ካጨበጨበ ሌሎቹ ምቶች ከመጠን በላይ ወደ ላይ እየተነሱ ናቸው። ከአንደኛው በኋላ ዘወትር ትንሽ እየዘገየ ካጨበጨበ ደግሞ እጅዎ መስመሩ ላይ እየቆመ ነው፣ አይነሳም ማለት ነው።

ከበሮና ጭብጨባ ሲጨመር ማን ማንን እንደሚከተል አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ከበሮ መቺው ወደ እርስዎ ዞሮ፣ እጅዎን በሚያይበት ቦታ ይቁም። በአዳራሽ ውስጥ ይህ ቢታለፍም ብዙ አይጎዳም። በጥምቀት ሰሞን በጣና ዳር፣ በሜዳ ላይ፣ መዘምራኑ በረጅም ሰልፍ ሲቆሙ ግን ጉዳቱ ይሰማል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፤ ከበሮው ከሰልፉ ጫፍ 34 ሜትር ቢርቅ ምቱ እዚያ የሚደርሰው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው፤ ጫፍ ላይ ያሉት በሰሙት ከዘመሩ ከፊተኞቹ ጋር አይገናኙም። እጅ ግን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ሲሆን ከበሮውን ከሰልፉ ጫፍ አንስተው ወደ መሐል፣ ከእርስዎ አጠገብ ያምጡት፤ ራስዎም ድንጋይም ሆነ ሳጥን ፈልገው ከፍ ብለው ይቁሙ፤ የምት መስመርዎን እስከ ደረትዎ ያንሱ፤ እጅጌዎም ከኋላዎ ካለው ነገር ቀለም የሚለይ ይሁን።